ጠያቂዋ ነርስ ስትሆን

«ተመራማሪዋ ሴት ነች፤ ያደገችው በከተማ ነው፤ ሙያዋ ነርስነት ነው። ይህም በጥናቱ ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል።»

በቃለ መጠይቅ ላይ በተመሠረቱ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ፣ የምርምር ዘዴው ምዕራፍ ሊያልቅ ሲል፣ እንዲህ ያለ አንቀጽ የተለመደ ነው። ተማሪዋ የምትጽፈው አማካሪዋ «ሪፍሌክሲቪቲው የታለ?» ስለሚሏት ነው። ሪፍሌክሲቪቲ ተመራማሪው ማንነቱ፣ ሥራውና እምነቱ በሰበሰበው መረጃና በሰጠው ትርጉም ላይ ምን እንዳደረጉ መርምሮ ለአንባቢ የሚያሳይበት አሠራር ነው። ከላይ ያለው አንቀጽ ግን ምንም አያሳይም። የትኛው ግኝት ተነካ? ወዴትስ አዘነበለ?

እኔ ከማውቃቸው ምሳሌዎች የሚበልጥብኝ የአሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት የሬናቶ ሮዛልዶ ነው። ሮዛልዶ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከባለቤቱ ከሚሼል ጋር በሰሜን ፊሊፒንስ ከኢሎንጎት ሕዝብ ጋር ኖሯል። ሽማግሌዎቹን በወጣትነታቸው የሰው ራስ ለምን ይቆርጡ እንደነበር ሲጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ ከሐዘን የሚመጣ ቁጣ ነው። መልሱ ቀለለበት። ምናልባት አንዱ ሞት የሌላው ካሣ ይሆን ብሎ ጠለቅ ያለ ማብራሪያ ፈለገ፤ እነሱ ግን እንደዚያ አናስብም አሉት። በ1981 ሚሼል በመስክ ሥራ ላይ ከገደል ወድቃ ሞተች። ሮዛልዶ ከሐዘኑ ጋር ቁጣ ሲነሣበት፣ 14 ዓመት ሲሰማው የቆየው ቃል ያኔ ገባው።

ይህን ሲጽፍ «ባለቤቴ ሞታለች» ብሎ አላቆመም። የትኛውን መልስ ችላ እንዳለ፣ በምትኩ ምን ሲፈልግ እንደነበር፣ ሲጀምር ወጣት ሆኖ እንዲህ ያለ ሐዘን አለማወቁ እንዴት እንደጋረደው፣ ትርጓሜው ምን ላይ እንደተለወጠ አሳየ። የእሱ ቁጣና የእነሱ ቁጣ የሚገናኙት በከፊል ብቻ መሆኑንም አልደበቀም።

ለተማሪ ይህን መንገድ የሚከፍትላት በየቀኑ የምትጽፈው የመስክ ማስታወሻ ነው። አንዲት ነርስ ለማስተርስ ጥናቷ እናቶች ቤት ውስጥ የሚወልዱት ለምን እንደሆነ ትጠይቃለች እንበል። ካነጋገረቻቸው 12 እናቶች 9ኙ «ምጡ ድንገት መጣ፤ መኪና አልተገኘም» ይሏታል። ግኝቱ ያለቀ ይመስላል። ማስታወሻዋ ላይ ግን የጠየቀቻቸው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ሁሉም «ሲስተር» እያሏት እንደነበር ተጽፏል። አንዷ እናት ደግሞ መቅረጫው ከተዘጋ በኋላ በር ላይ ቆማ፣ «ሲስተር፣ አይቆጡኝና፣ የፊተኛውን ልጄን ስወልድ ተሰድቤያለሁ፤ ለዚያ ነው የቀረሁት» ብላታለች። (ይህ ቃል ጥናቱ ውስጥ የሚገባው እናትየዋ ከፈቀደች ብቻ ነው።)

ተማሪዋ አሁን የተቀረጸውን ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ገልብጣ ታነባለች፤ የምታነበው ግን የእናቶቹን መልስ ሳይሆን የራሷን ጥያቄ ነው። አንዲት እናት «እዚያ ደግሞ…» ብላ ስታመነታ፣ እሷ ፈጥና «መኪና ስለሌለ ነው?» እንዳለቻት ታያለች። ከዚያ ሌሎች 4 እናቶችን ያለ ጋውን በየቤታቸው ሄዳ ታነጋግራለች። የምትጽፈውም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የመጀመሪያዎቹን 12 እናቶች የጠየቅኳቸው በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ጋውን ለብሼ ነው። በሦስት ቃለ መጠይቆች የመኪናን ጉዳይ ቀድሜ ያነሣሁት እኔ ነኝ። በኋላ ቤታቸው ካነጋገርኳቸው 4 እናቶች 3ቱ ስድብን ሳልጠይቃቸው አነሡ። ስለዚህ የመኪና እጦት ዋናው ምክንያት ነው አልልም፤ ለጤና ባለሙያ ለመናገር የሚቀል ምክንያት ግን ይመስለኛል።»

አንቀጹ ቦታው እዚያው ግኝቱ አጠገብ ነው። «ተመራማሪዋ» ከማለት «እኔ» ማለትም ይሻላል፤ ጋውኑን የለበሰችው፣ መኪናውን ያነሣችው እሷ ናትና። ሙያዋ የጠቀማትም ካለ ይጻፍ፦ አንዲት እናት «ከአልጋው ውረጂ አሉኝ» ስትል፣ ማዋለጃ ክፍሉን የምታውቅ ነርስ ቀጥላ ምን መጠየቅ እንዳለባት ታውቃለች።

በሌላ በኩል ነገሩን አብዝቶ ጥናቱን የራስ ታሪክ ማድረግም አለ። መለያው ቀላል ነው፦ ስለራሷ የጻፈችውን ዓረፍተ ነገር ስትሰርዘው የአንድም ግኝት ንባብ ካልተለወጠ፣ ተሰርዞ ይቅር።

ማስታወሻ የሚይዘው ግን ጸሐፊዋ ያስተዋለችውን ብቻ ነው። ማንም ነርስ እንግዳ ሆኖ የማይታየውን ነገር ማስታወሻዋ ላይ አታገኘውም። ስለዚህ ስምና መለያ ያወጣችባቸውን ሁለት ግልባጮች ነርስ ላልሆነ የክፍል ጓደኛ ሰጥታ፣ «የቸኮልኩበትንና ያለፍኩትን አስምርልኝ» ትበለው፤ ለዚህም መረጃ ሰጪዎቿ ሲፈርሙ ግልባጩን ሌላ ሰው ሊያነበው እንደሚችል አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።