ፓስፖርት ሌላ፣ ትኬት ሌላ፦ ኮምፒውተር ስም ሲጽፍ

ለአየር መንገድ የተጓዥ ስም ማለት በፓስፖርቱ ላይ የታተሙት የላቲን ፊደላት ናቸው። ስሙ እንዴት እንደሚጠራ ግድ የለውም። ፓስፖርቱ ላይ TILAHUN ተብሎ የሰፈረ ሰው ትኬቱ TELAHUN ወይም TLAHUN ካለ፣ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ሁሉም «ጥላሁን» ናቸው፤ ፊደል ከፊደል ለሚያስተያይ ሲስተም ግን የተለያዩ ስሞች ናቸው። እንዲህ ያለው ልዩነት የሚፈጠርበት አንዱ ዋና መንገድ ይህ ነው፦ ትኬት ሲቆረጥ ስሙ ከፓስፖርት በመገልበጥ ፋንታ በአማርኛ ይላካል፤ ከዚያ አንድ ፕሮግራም ወደ ላቲን ይለውጠዋል። ባለቤቱ ፓስፖርት ሲያወጣ ስሙ አንድ ጊዜ በላቲን ተጽፏል። ፕሮግራሙ ያንን ስለማያውቅ እንደ አዲስ ይጽፈዋል።

ፕሮግራሙ እንዲሳሳት የሚያደርገው በመጀመሪያ ሳድስ ነው። «ጥላሁን» በሳድስ ይጀምራል፣ በሳድስ ያልቃል። የመጀመሪያው «ጥ» አናባቢ ተከትሎት ይነበባል፤ የመጨረሻው «ን» ግን አናባቢ የለውም። ሁለቱም በጽሑፍ ሳድስ ናቸው፤ የትኛው እንዴት እንደሚነበብ የሚያውቀው ቋንቋውን የሚያውቅ አንባቢ ነው። ፊደሉን ብቻ እያየ የሚለውጥ ፕሮግራም ወይ ለሁሉም ሳድስ አናባቢ ይሰጣል፣ ወይ ከሁሉም ይነሳል። በሁለቱም መንገድ ግማሹን ይስታል።

ከሁሉ የከፋ ውጤት የሚገኘው በአንድ የተለመደ አቋራጭ ነው። የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር የሚመዘግበው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ሲጨምር ለእያንዳንዱ ሆሄ የእንግሊዝኛ መጠሪያ ሰጥቶታል። በዚያ አሰያየም ግዕዙ a፣ ራብዑ aa፣ ኃምሱ ee፣ ሳድሱ ደግሞ e ይይዛል። መጠሪያዎቹ የተሰጡት ሆሄያቱን ለመለየት ነበር፤ የሰው ስም ይጻፍባቸዋል ተብሎ አልታሰበም። ይሁን እንጂ የሁሉንም አገር ፊደል በአንድ ጊዜ ወደ ላቲን ለመለወጥ ለሚቸኩል ፕሮግራመር ዝግጁ ሰንጠረዥ ሆነው ይገኛሉ።

ለምሳሌ «ተስፋዬ ጥላሁን ወልዴ» የሚል ስም ይወሰድ። በፓስፖርት ላይ TESFAYE TILAHUN WOLDE ተብሎ ታትሟል እንበል። በዩኒኮድ መጠሪያዎች ሲለወጥ ተ TA፣ ስ SE፣ ፋ FAA፣ ዬ YEE ይሆናል፤ ሲገጣጠም TASEFAAYEE። «ጥላሁን» THELAAHUNE ይሆናል፤ «ጠ» በዚህ አሰያየም THA ስለሚባል ከ«ተ» የሚለየው በH ነው። «ወልዴ» ደግሞ WALEDEE ይወጣል። አንድም ኢትዮጵያዊ ስሙን እንዲህ አይጽፍም። ኮምፒውተሩ ግን የተሰጠውን ሰንጠረዥ በትክክል ተከትሏል።

የተሻለ ሰንጠረዥም ችግሩን አይፈታም። ለካርታ ሥራ የአሜሪካና የእንግሊዝ የቦታ ስም ተቋማት በ1967 የተስማሙበት ዘዴ «ጥላሁን»ን T'ilahun፣ «ተስፋዬ»ን Tesfayē ብሎ ይጽፋል። ይህ ለአማርኛ በጣም የቀረበ ነው። ነገር ግን ጭረቱም ሆነ ከፊደል በላይ ያለው ምልክት በትኬት ላይ ቦታ የላቸውም። ደግሞም ሰው በተቋም ደንብ ስሙን አይጽፍም፦ «ወልዴ» በአንዱ ቤት WOLDE፣ በሌላው WELDE ነው፤ «ፀሐይ» TSEHAY፣ TSEHAI ወይም SEHAY ይሆናል። ከእነዚህ የትኛው ፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረ ከአማርኛው ጽሑፍ ተነስቶ ማወቅ የሚችል ሰንጠረዥ ሊኖር አይችልም።

የትርጉም ፕሮግራም ሲገባበት ነገሩ ይባስ ይበላሻል። ብዙ የአማርኛ ስሞች ትርጉም ስላላቸው፣ ስም መሆኑን ያልለየ ተርጓሚ «ሰላም»ን Peace፣ «ተስፋዬ»ን My hope ብሎ ሊያወጣ ይችላል። ደግነቱ ይህኛው ስህተት ቶሎ ይታያል። አሳሳቹ የአንድ ፊደል ልዩነት ነው።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ በሚሄዱ ሰዎች ላይ ሌላ ዙር ይጨመራል። ስሙ ለቪዛና ለመኖሪያ ፈቃድ ወደ ዓረብኛ ይጻፋል። ዓረብኛ አጫጭር አናባቢዎችን ብዙ ጊዜ አይጽፍም፤ «ፕ» የሚባል ድምፅም የለውም። ከዓረብኛው ተነስቶ እንደገና ወደ ላቲን የሚመልስ ሲስተም አናባቢዎቹን በግምት ይሞላል፤ «ጴጥሮስ»ም በB ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ለእረፍት የሚመለስ ሠራተኛ ትኬቱን በመኖሪያ ፈቃዱ ስም ከቆረጠ ከፓስፖርቱ ጋር ላይገጥም ይችላል።

ፓስፖርቱ ላይ የመጨረሻው ዳኛ በፎቶው ገጽ ግርጌ ያለው በማሽን የሚነበብ ጽሑፍ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት ሁለት መስመር ሲሆን እያንዳንዱ 44 ቦታ አለው። ከA እስከ Z ካሉት ፊደላት፣ ከቁጥሮችና ከ< በስተቀር ሌላ አይቀበልም። የምሳሌያችን ሰው የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ከተያዘ የላይኛው መስመር ይህን ይመስላል፦

```
P<ETHWOLDE<<TESFAYE<TILAHUN<<<<<<<<<<<<<<<<<
```

ከETH በኋላ እስከ ሁለቱ << ድረስ ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የግል ስም። ትኬት ላይ ያው ስም WOLDE/TESFAYETILAHUN MR ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ስሞቹ መያያዛቸውና MR መጨመሩ የቦታ ማስያዣ ሲስተሞች ልማድ ስለሆነ አያስጨንቅም። እዝባሩ ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ የቤተሰብና የግል ስምን የሚለየው እሱ ነው። «ገ/መድኅን» ወይም «ወ/ማርያም» ብሎ በአጭሩ የላከ ሰው ስሙ ያለቦታው ሊከፈልበት ይችላል።

ልዩነቱ የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ ቼክ ኢን ላይ ነው። ሠራተኛው ፓስፖርቱን ሲያስነብብ መስመሩ ላይ ያለው ስም ስክሪኑ ላይ ይመጣና ከትኬቱ ጋር ይተያያል፤ የመንገደኛው መረጃም ለመድረሻው አገር ባለሥልጣናት የሚላከው ከፓስፖርቱ ነው። ወደ አሜሪካ ለሚደረግ በረራ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ከበረራው በፊት ከክትትል ዝርዝሮች ጋር ይመሳከራሉ። አንድ ሁለት ፊደል ብዙ አየር መንገዶች እንደ እርማት ያስተካክሉታል። ልዩነቱ ሲበዛ ግን ትኬቱ የሌላ ሰው ይመስላል፤ ትኬት ደግሞ በአብዛኛው ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ጉዞው የሁለት አየር መንገዶች በረራ ካለው እርማቱ ይከብዳል፤ ማስተካከል ያለበት ትኬቱን ያወጣው ድርጅት ነውና።

ፓስፖርት ያደሰ ሰው ሌላም ነገር ማየት ይኖርበታል። በአየር መንገድ አካውንቱ ወይም በትኬት ቆራጩ ፋይል የተቀመጠው የድሮው አጻጻፍ ሊሆን ይችላል፤ ሲስተሙ ያንኑ ራሱ ይሞላል።

ስለዚህ ለትኬት ቆራጭ መላክ ያለበት በአማርኛ የተጻፈ ስም ሳይሆን የፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ነው። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በማረጋገጫው ላይ ያለውን ስም ከማሽኑ መስመር ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ልዩነት ካገኙ ትኬቱን ለሸጠው ያኔውኑ ይንገሩ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ይዘውት አይሂዱ።