በጽኑ ሕሙማን ደም ውስጥ የሚወርደው ሆርሞን

አንድ የ58 ዓመት ሰው በሳንባ ምች ታሞ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ እንበል። ኢንፌክሽኑ ደሙን በክሎታል፤ ግፊቱ ወርዶ በመድኃኒት ተደግፏል፤ የሚተነፍሰውም በመሣሪያ ነው። በሦስተኛው ቀን የልብ ምቱ ሲዛባ ሐኪሙ የታይሮይድ ምርመራ አዘዘ። ቲ3 የሚባለው ሆርሞን በዴሲ ሊትር 45 ናኖግራም ሆኖ ተገኘ። በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ የጤነኛ ሰው ተብሎ የተጻፈው ከ80 እስከ 200 ነው። ቲ4 ጤናማ ከሚባለው መጠን ዝቅተኛ ጠርዝ ላይ ነው፤ ቲኤስኤች ግን 0.8 ነው፣ እሱም ጤናማ ነው።

ሆርሞኑ ካነሰ ሆርሞኑን መስጠት ነው የሚለው ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። ቤተሰብም ወረቀቱን አይቶ «ታይሮይዱ ነው የታመመው፤ ለምን መድኃኒት አይጀመርለትም?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ «አያስፈልገውም» ነው፤ ምክንያቱን ለማየት ቲ3 ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

አንገት ሥር ያለው የታይሮይድ እጢ፣ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ማለት ነው፣ በብዛት የሚያመርተው ቲ4ን ነው። ቲ4 አራት የአዮዲን አተሞች ያሉት፣ በአመዛኙ ገና ሥራ ያልጀመረ ሆርሞን ነው። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ጡንቻና ሌሎች አካላት ከአራቱ አንዱን አዮዲን ሲያነሱለት ቲ3 ይሆናል፤ ልብን የሚያፈጥነው፣ ሙቀትን የሚያመነጨው፣ ምግብን ወደ ጉልበት የሚያስለውጠው ይህ ነው። በሰውነታችን ካለው ቲ3 ወደ 80 በመቶ የሚሆነው የሚሠራው ከእጢው ውጭ ነው።

ሰው በጽኑ ሲታመም ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ኢንዛይም ሥራው ይቀዛቀዛል። በአንጻሩ ሌላ ኢንዛይም ይበረታና የተሳሳተውን አዮዲን እያነሳ ቲ4ን ሥራ ወደማይሠራ ቅርጽ ይለውጠዋል። ስለዚህ ቲ3 በሰዓታት ውስጥ መውረድ ይጀምራል፣ እጢው ግን ምንም አልሆነም። የልብ ድካም፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ ቃጠሎ፣ የኩላሊት መድከም፣ ሁሉም ያመጡታል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተኙት የአብዛኞቹ ደም ቢመረመር ቲ3 ዝቅ ብሎ ይገኛል።

እጢው ራሱ ቢታመም ኖሮ ቲኤስኤች ያሳብቅ ነበር። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ እጢ የሚወጣ፣ ታይሮይድን «ሥራ» ብሎ የሚያዝ ሆርሞን ነው። ታይሮይድ ሲደክም ትእዛዙ ይበረታል፤ ቁጥሩም ወደ 20፣ 50፣ አንዳንዴም ከ100 በላይ ይወጣል። በእኛ ታማሚ ግን 0.8 ላይ ነው።

ሰውነት ለምን እንዲህ ያደርጋል? አንዱ ፍንጭ የተገኘው ከጤነኞች ነው። ሰው አንድ ሁለት ቀን ምንም ሳይበላ ቢቆይ ቲ3 በግልጽ ይወርዳል፤ በክፉ ዘመን ጎተራውን እየቆጠበ እንደሚያወጣ ቤተሰብ፣ ሰውነትም ያለውን ያቆያል። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ጥናት ምግብ ላቋረጡ ሰዎች የወረደውን ቲ3 በመድኃኒት መለሰላቸው። ያን ጊዜ ሰውነታቸው ፕሮቲኑን፣ በተለይም ጡንቻውን፣ ይበልጥ እያፈረሰ በሽንት ማስወጣት ጀመረ። ቁጥሩ ተስተካከለ፣ ቁጠባው ግን ፈረሰ።

በሌላ በኩል ቲ3 በጣም የወረደበት ሰው የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ቲ4ም አብሮ ሲወርድ ይብሳል። ሐኪሞችን ለረጅም ጊዜ የፈተናቸው ይህ ነው። ቁጥሩ ሞትን የሚተነብይ ከሆነ ቁጥሩን ማንሳት ሞትን ይከለክል ይሆን? ይህ ደግሞ በግምት ሳይሆን በሙከራ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ነው።

ግሪጎሪ ብሬንትና ጄሮም ኸርሽማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ሙከራ በጽኑ የታመሙና ቲ4 ጭምር የወረደባቸውን 23 ሰዎች ለሁለት ከፈሉ። ለ11ዱ ቲ4 በደም ሥር ተሰጠ፣ 12ቱ ያለ ሆርሞን ታከሙ። ሆርሞን ከተሰጣቸው 73 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 75 በመቶ ሞቱ፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ በሕክምናው ወቅት ቲ3 ከፍ ማለት የጀመረው ሆርሞን ባልተሰጣቸው ዘንድ ነበር። የሚሰጠው ቲ4 ቲኤስኤችን አፍኖ ሰውነት በራሱ የሚጀምረውን ማገገም ያዘገየው ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሙከራ ይበልጥ ያስደነግጣል። ኩላሊታቸው በድንገት ለደከመ 59 ታማሚዎች ግማሽ ለሚሆኑት ቲ4 ለሁለት ቀን ተሰጠ፣ ለቀሩት ማስመሰያ። ኩላሊታቸው በፍጥነት አላገገመም፤ ሆርሞን ከተሰጣቸው 43 በመቶ ሲሞቱ ከሌሎቹ የሞቱት 13 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የንጽጽሩ ቡድን ሞትም ለእንዲህ ያለ ሕመም ያልተለመደ ዝቅተኛ ነበር። ስለዚህ ሆርሞኑ ይገድላል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ምንም ጉዳት የለውም ብሎ መስጠት ግን ከዚያ ወዲህ የሚያዋጣ አልሆነም። በኢንፌክሽን የተዳከመን ልብ ይበልጥ ማስሮጥ፣ ኦክስጅን የጎደለውን ሰውነት ይበልጥ ማስራብ ዋጋ አለው።

ወደ ታማሚያችን እንመለስ። ሐኪሙ ቁጥሩን ትቶ ምቹን በአንቲባዮቲክ ማከሙን ቀጠለ። በሦስተኛው ሳምንት ሰውዬው ከመሣሪያው ተላቆ መብላት ሲጀምር ደሙ እንደገና ተመረመረ፤ ቲ3 ወደ 75 ወጥቷል፣ ቲኤስኤች ግን 9 ሆኗል። አሁን ደግሞ ሌላ ስሕተት ደጅ ላይ ነው። ሰውነት ሲያገግም ፒቱታሪ ትእዛዙን ለጥቂት ጊዜ ያበረታል፤ ይህን «ታይሮይዱ ደክሟል» ብሎ የተረጎመ ሰው ለዕድሜ ልክ ክኒን ሊያዝለት ይችላል። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆነው ምርመራው ይደገም። አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ቁጥር ወደ ቦታው ተመልሶ ይገኛል።

በሆስፒታል የሚሰጡ መድኃኒቶችም ንባቡን ያዛባሉ። ግፊት ለማንሳት የሚሰጠው ዶፓሚንና ስቴሮይድ ቲኤስኤችን ያወርዳሉ። ለልብ ምት መዛባት የሚታዘዘው አሚዮዳሮን የቲ4ን ወደ ቲ3 መለወጥ ያግዳል። ሄፓሪን ደግሞ በላቦራቶሪው ናሙና ውስጥ ቲ4ን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የታይሮይድ በሽታ በእርግጥ ካልተጠረጠረ ምርመራውን አለማዘዝ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ጥርጣሬው እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ ልቡ ቀስ ብሎ የሚመታ፣ የነቃ የማይመስል፣ አንገቱ ላይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ያለው፣ ቲኤስኤቹም ከ20 የበለጠ ታማሚ ታይሮይዱ በእርግጥ ሳይደክም አልቀረም። እንዲህ ያለው ሰው ቀን ሳይቆጠር ሆርሞን ይሰጠዋል፤ የኮርቲዞል እጥረት እንደሌለው እስኪረጋገጥም ስቴሮይድ አብሮ ይሰጠዋል።

ከዚህ ቀደም ታይሮይዱ ደክሞ በየቀኑ ሊቮታይሮክሲን የሚውጥ ሰው በሌላ ሕመም ሲተኛም ክኒኑ መቀጠል አለበት። ቲ4 በደም ውስጥ ግማሹ የሚያልቀው በሳምንት ገደማ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቀን ቢታለፍ አያሰጋም፣ ሳምንታት ሲቆጠሩ ግን ያሰጋል። ታማሚው ራሱ መናገር ስለማይችል ክኒኑን ወይም የማዘዣ ወረቀቱን ለሐኪሙ ማሳየት የቤተሰቡ ድርሻ ነው። መዋጥ ካቃተው በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ፣ ካልሆነም በደም ሥር ይሰጠዋል።