በመዋቅር ለውጥ ወቅት ያልተወሰነውን ስለ መናገር

ድርጅቶች ሲዋሐዱ ወይም መዋቅራቸውን ሲለውጡ ብዙ ኃላፊዎች ዝርዝሩ እስኪጠናቀቅ ዝም ማለትን ይመርጣሉ። ያልተሟላ መረጃ ሠራተኛውን ያሸብራል የሚል ግምት አላቸው። ዴቪድ ሽዋይገርና አንጀሎ ዴኒሲ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የመስክ ሙከራ ይህን ግምት ፈትኖታል።

ሙከራው የተካሄደው ከሌላ ድርጅት ጋር ሊዋሐድ በነበረ ኩባንያ ሁለት ፋብሪካዎች ውስጥ ነው። የሁለቱም ሠራተኞች ዜናውን የሰሙት ከዋና ሥራ አስፈጻሚው በተላከ ደብዳቤ ነበር። በአንደኛው ፋብሪካ ከደብዳቤው በኋላ የተለየ ነገር አልተደረገም። በሌላኛው ግን በየጊዜው የሚወጣ የዜና ጽሑፍ ተሠራጨ፤ ጥያቄ የሚቀርብበት የስልክ መስመር ተከፈተ፤ ሥራ አስኪያጁም በየሳምንቱ ከሠራተኞችና ከቅርብ አለቆቻቸው ጋር ይገናኝ ነበር። ከዜናው በኋላ ጭንቀት በሁለቱም ፋብሪካዎች ጨመረ። ልዩነቱ የታየው ቆይቶ ነው፤ መረጃ ባልተሰጠበት ፋብሪካ ሁኔታው እየባሰ ሲሄድ፣ በሌላኛው ማሽቆልቆሉ ቆመ፤ አንዳንድ መለኪያዎችም ወደ ቀድሞ ደረጃቸው መመለስ ጀመሩ። ሠራተኞቹ ኩባንያውን ታማኝና ለእነርሱ የሚያስብ አድርገው የመመልከታቸው ሁኔታም በዚሁ መንገድ ተለያየ። እርግጥ ነው፣ ከሁለት ፋብሪካዎች የተገኘ ውጤት በጥንቃቄ ሊጠቀስ ይገባዋል፤ ከሦስቱ ዘዴዎች የትኛው የበለጠ እንደሠራም አይለይም።

ከዚህ የሚነሣው ተግባራዊ ጥያቄ ያልታወቀው ነገር እንዴት ይነገራል የሚለው ነው። ሁለት ዳይሬክቶሬቶችን አንድ ሊያደርግ የተነሣን አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ውህደቱ ከሐምሌ 1 ጀምሮ እንዲጸና ተወስኗል፤ የሥራ መደቦቹ ብዛትና ደረጃ ግን አልጸደቀም፤ ስለዚህ የሠራተኛ ድልድሉ አልተጀመረም። «ማንም አይነካም» የሚል ማስታወቂያ ለዚያን ቀን ያረጋጋል፤ የመጀመሪያው የድልድል ዝርዝር ሲለጠፍ ግን ቀጥሎ የሚነገረውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል። «ዝርዝሩ በሂደት ይገለጻል» የሚለውም ለሠራተኛው ምንም አይነግረውም። የሚሻለው እንዲህ ያለው ነው፦ «የመደቦቹ ብዛት ገና አልተወሰነም፤ የሚያጸድቀው የበላይ አመራሩ ነው፤ ሰኔ 15 የደረሰበትን እንገልጻለን፤ እስከዚያ ካልጸደቀም አለመጽደቁን በዚያው ቀን እንናገራለን።» ቀጠሮው የተያዘው ለውሳኔው ሳይሆን ለመረጃው በመሆኑ ኃላፊው ሊጠብቀው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በቀላሉ ይድበሰበሳል። ያልተወሰነ ጉዳይና ተወስኖ ያልተነገረ ጉዳይ አንድ አይደሉም። የሚቀነሱት መደቦች ታውቀው ሳለ «አልተወሰነም» ማለት ውሸት ነው፤ «ተወስኗል፣ የሚመለከታቸው ሰዎች በግል ሳይነገራቸው በይፋ አንገልጸውም» ማለት ግን እውነት ነው፤ ብዙ ሠራተኛም ይረዳዋል። መረጃው መንገድ መሳቱ የሚታወቀው ለአንድ ጥያቄ ሁለት የክፍል ኃላፊዎች የተለያየ መልስ መስጠት ሲጀምሩ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው የቅርብ አለቆች ከሠራተኞቻቸው ቀድመው ሳይነገራቸው ሲቀር ነው።