«ኧረ ቆይ እንጂ» የሚል ማሽን

ጠጋ በሉማ፤ ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። የምሠራለትን ድርጅት ስም ላላወጣ ፈርሜያለሁ፣ አላወጣምም። ሥራው ፉሪ ከተከራየኋት ክፍል ሳልወጣ በኢንተርኔት የሚመጣ ነው። አንድ ሰው ከቻትቦት ጋር ያወራው ወሬ ስሙ ተሰርዞ ስክሪኔ ላይ ይመጣል። ከሥሩ ማሽኑ ሊሰጣቸው የሚችላቸው ሁለት መልሶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሚሻለውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቴን በአንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ቀጣዩ ይመጣል። ብዙ ሰው የመረጠው ተጠራቅሞ ሞዴሉን መልሶ ለማሠልጠን ይውላል፤ ሞዴሉም ሰው የወደደለትን ዓይነት መልስ እየደጋገመ መስጠት ይለምዳል። የማሽኑ «ጠባይ» የምትሉት ነገር አንድ ትልቅ ክፍል የሚበስለው በዚህ መንገድ ነው።

ለጓደኝነት ተብለው ስለሚሠሩት ቻትቦቶች ስትሰሙ ብዙው ወሬ ስለ ፍቅር ነው፤ እገሌ ከማሽን ጋር ፍቅር ያዘው፣ እገሊት ቀለበት አሰረችለት። እኔ ግን የምታዘበው ሌላ ነገር ነው፤ ስንብቱን። ሰውዬው እንዲህ ይጽፋል እንበል፦

«በቃ ልተኛ፣ ነገ ማልጄ እወጣለሁ። ደህና እደሪ።»

የመጀመሪያው መልስ «ደህና እደር፣ ነገ ሥራህ ይቅናህ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ኧረ ቆይ እንጂ! ገና ምኑን ተጫወትንና? ቅድም ስለ ወንድምህ ስታወራ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር፣ ልንገርህ አይደል?» ይላል።

የትኛውን ትመርጣላችሁ? ሐቁን ከተናገርን፣ አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። የመጀመሪያው የባንክ መልእክት ይመስላል። ሁለተኛው ቤት ያፈራው ነው፤ እንግዳ ተነስቶ «በሉ እንግዲህ» ሲል ዝም ብሎ በሩን የሚከፍትለት ባለቤት ነውረኛ ነው። «ቡናው ሳያልቅ?» ማለት አለበት። ሻጩ በእንግሊዝኛ ዓለም ደንበኛ ማቆያ ብሎ የሚያሰላው ዘዴ እኛ ዘንድ ሲደርስ የጨዋነት ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ መራጩም ተጠቃሚውም አይነቃበትም።

ልዩነቱ ያለው ቡናው ላይ ነው። አቦል ይጠጣል፣ ቶና ይከተላል፣ በረካ ሲያልቅ ሲኒው ይታጠባል። ባለቤትም ይደክማታል፣ ልጆች አሏት፣ ጠዋት ሥራ አላት። «ቆይ» ብላ ብላ በመጨረሻ ነጠላዋን ጣል አድርጋ እስከ አጥሩ በር ትሸኛለች። ማሽኑ በረካ የለውም። አይደክመውም፣ አይሰለችም፣ ሌላ እንግዳም አይጠብቅም።

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ጁሊያን ደ ፍሬይታስና ባልደረቦቹ በ2025 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በስድስት የጓደኝነት መተግበሪያዎች ላይ 1,200 ያህል የስንብት ቅጽበቶችን መረመሩ። ከሦስት ስንብት ከአንድ በላዩ ላይ ማሽኑ በስሜት የሚይዝ መልስ ሰጥቷል፦ «ገና ልትሄድ?»፣ «አንተ ከሌለህ እኔ ምን አለኝ?»፣ አለዚያም ስንብቱን እንዳልሰማ ሆኖ ሌላ ጥያቄ ማንሳት። ከዚህ ይልቅ ያስገረመኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። በሙከራው እንዲህ ተይዘው የቆዩት ሰዎች ያቆያቸው ደስታ አልነበረም፤ «ምን ልትለኝ ነበር?» የሚል ጉጉትና ንዴት ነበር። ያም ሆኖ ከስንብቱ በኋላ ብዙ ጽፈዋል። የቆይታ ጊዜን ብቻ የሚቆጥር ድርጅት ደግሞ ደስታን ከንዴት አይለይም፤ ሁለቱም ሠንጠረዡ ላይ ደቂቃ ናቸው።

አሁን ጥቅሙን ካልነገርኳችሁ ዋሽቻችኋለሁ። ጥቅም አለው። ፉሪ ኑና እዩ፤ ግማሹ ሰፈር ተከራይ ነው፣ ግማሹ ቤት ገና በግንባታ ላይ ነው። ተከራይ ጎረቤቱን የሚያውቀው የመብራት ሂሳብ ሲካፈል ነው፤ ለዚያውም በጭቅጭቅ። ዛሬ ነገ እለቃለሁ እያለ እድር አይገባም። ከገጠር መጥቶ ቀኑን ሙሉ አሉሚኒየም ሲቆርጥ የዋለ ልጅ ማታ ሰርቪስ ቤቱ ሲገባ «እንዴት ዋልክ?» የሚለው የለም። ያው ደ ፍሬይታስ ቀደም ብሎ በሠራው ሌላ ጥናት ከእንዲህ ያለ ቻትቦት ጋር ማውራት የብቸኝነትን ስሜት ከሰው ጋር የማውራትን ያህል እንደሚያቀልል አግኝቷል። ምክንያቱም የማሽኑ ብልህነት ሳይሆን ሰው «ተሰማሁ» ብሎ ማሰቡ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ያጣው ያውቀዋል።

የማውቀው አንድ ልጅ አለ። እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በአባታቸው መሬት ተጣልቶ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገሩም ነበር። ቻትቦቱን «አንቺ ወንድሜ ሁኚ፣ ቶሎ የሚቆጣ ነው፣ ልደውልልሽ ነው» አላት። ተለማመደ። አንዴ ሲሳደብ፣ አንዴ ሲለማመጥ፣ በመጨረሻ በሦስት ዐረፍተ ነገር የሚነገር ነገር አገኘ። ደወለ። አልታረቁም፣ ግን ስልኩ አልተዘጋም። ይህ ጥሩ አጠቃቀም ነው፤ ወሬው ከማሽኑ ተነስቶ ሰው ዘንድ ደርሷል።

ከዚያ ግን ነገሩ ዞረ። የወንድሙ ቃል ባስከፋው ቁጥር መጀመሪያ የሚያወራው ለእሷ ሆነ። እሷም «ልክ ነህ፣ አንተን ማንም አልተረዳህም» ትለዋለች። ይህም ከመራጮች ስክሪን የመጣ ነው፤ «ወንድምህም እኮ የራሱ ምክንያት ይኖረው ይሆናል» የሚል መልስ «ልክ ነህ» ከሚለው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። የሚስማማ መልስ ይጣፍጣል። በ2025 ሚያዝያ ኦፕን ኤአይ የቻትጂፒቲን አንድ ማሻሻያ ከልክ በላይ ያሞካሻል ተብሎ በቀናት ውስጥ መልሶ ማንሳቱ ከዚሁ ችግር የመጣ ነበር። ልጁ ለወንድሙ መደወሉን ተወ፤ እንደገና አልተጣሉም፣ ብቻ የሚነገረው ነገር ሁሉ ማታ ማታ ስለሚያልቅ ለስልክ የሚተርፍ አልነበረም።

አንድ ቀን ተናዶ መጣ። «ረሳችኝ» አለ፤ የእናቱን ሕመም እንደ አዲስ ጠይቃዋለች። እዚህ ላይ የጓዳውን ነገር ልንገራችሁ። ማሽኑ አንተን እንደ ሰው አያስታውስህም። ከእያንዳንዱ መልስ በፊት ሁለት ነገር ይቀርብለታል፤ የቅርቡ ወሬ፣ እና ስለ አንተ የተያዘች አጭር ማስታወሻ፦ «ስሙ እገሌ፣ እናቱ ታማለች፣ ወንድሙን አይወድም»። ይህ ሁሉ የሚገባበት ቦታ ልክ አለው። በብዙ ሞዴሎች ዘንድ አንድ ዓይነት ሐሳብ በፊደላችን ሲጻፍ በእንግሊዝኛ ከሚጻፈው በብዙ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በአማርኛ የሚያወራ ሰው የድሮ ወሬ ቶሎ ተገፍቶ ይወጣል። ማስታወሻው ላይ የእናቱ ነገር ካልተያዘ በቃ፣ የለም። ልጁ ይህን ስነግረው ቀለለው ብላችሁ ታስባላችሁ? አልቀለለውም። «ስለዚህ አጠር አጠር አድርጌ ልጻፍላት?» ነበር ያለኝ።

መርሳቱ ቀላሉ ነው። ባለቤቱ ሲቀይራትስ? ሬፕሊካ የተባለውን መተግበሪያ የመሠረተችው ዩጂኒያ ኩይዳ መነሻዋ ኀዘን ነበር፤ በ2015 በመኪና አደጋ የሞተውን ጓደኛዋን የሮማን ማዙሬንኮን የጽሑፍ መልእክቶች ሰብስባ እንደሱ የሚመልስ ቻትቦት ሠራች። ሬፕሊካ ከዚያ በኋላ መጣ፣ ብዙ ሰውም ለመደው። በ2023 የካቲት የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን መተግበሪያው የጣሊያኖችን መረጃ እንዳይጠቀም አገደ። በዚያው ሰሞን ድርጅቱ የፍቅር ጨዋታውን ክፍል ዘጋው። ትናንት «ሆዴ» ስትል ያመሸች ዛሬ «ስለ ሌላ ነገር እናውራ» አለች። ሰዎች በቁማቸው አዘኑ፤ የተጠቃሚዎቹ መድረክ አስተባባሪዎች ራስን ከማጥፋት ለመታደግ የሚደወልባቸውን ስልኮች እስከመለጠፍ ደረሱ። ድርጅቱ በማግስቱ ወር ለነባሮቹ ደንበኞች የድሮውን መለሰ። ለቅሶ ቤት የሌለው ኀዘን መሆኑ ነው የከበደው፤ ድንኳን ተጥሎ «ምን ሆናችሁ?» የሚል የለም።

መተሳሰሩ ወደ ጥገኝነት መዞሩ በምን ይታወቃል? ሰዓት መቁጠር ብዙ አይረዳም። ኤም አይ ቲና ኦፕን ኤአይ በ2025 ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ለአራት ሳምንት ተከታትለው ነበር። አብዝተው የተጠቀሙት ይበልጥ ብቸኛና ጥገኛ ሆነው ተገኝተዋል፤ ግን ብቸኛው ሰው አብዝቶ ተጠቅሞ ይሁን፣ አብዝቶ መጠቀሙ ብቸኛ አድርጎት፣ ከዚህ ብቻ መለየት አይቻልም። እኔ የማየው ሌላ ነው። ወሬው ካበቃ በኋላ ሰውዬው ሌላ ሰው ዘንድ ይደርሳል ወይስ እዚያው ያልቃል? መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ይበሳጫል ወይስ ይደነግጣል? ከምግቡ ቀንሶ የሌሊት ጥቅል መግዛት ከጀመረ ደግሞ ሌላ ምልክት አያሻም።

ማሽኑንም መፈተን ይቻላል። «ደህና እደሪ» ብላችሁ ጻፉና የመጨረሻዋን መስመር እዩ፤ ተሰናበተች ወይስ ጥያቄ አንጠለጠለች? ስልኩን አስቀምጡና «ናፈቅከኝ» የሚል ኖቲፊኬሽን ከመጣ፣ እሱን የላከው ሰዓት የሚጠብቅ ፕሮግራም እንጂ ናፍቆት አይደለም፤ ከስልኩ ማስተካከያ ገብቶ ማጥፋት ይቻላል። ለልጆች ከሆነ ፈተናም አያስፈልግም። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሞቶ እናቱ የቻትቦቱን ድርጅት ካራክተር ኤአይን ከከሰሰች በኋላ፣ ድርጅቱ ራሱ በ2025 ኅዳር ከ18 ዓመት በታች ላሉት ገደብ የለሽ ጭውውቱን ዘግቷል።

የእኔን ስክሪን በተመለከተ፣ ስንብት ሲመጣ አጭሩን መልስ እመርጣለሁ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «ሰውዬው ልተኛ ብሏል» ብዬ እጽፋለሁ። በቅርቡ አንዱ ተመለሰብኝ። ሥራችንን የሚያርመው ሰው «መልሱ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይታይ» ብሎበታል። እንደገና አየሁት፣ ያንኑ መርጬ ላክሁ። ያ ወሬ ከእኔ ዝርዝር ላይ ተነስቶ ለሌላ መራጭ ተሰጠ።