የሚፈታ ጡንቻ፣ የሚታሰር ደም፦ የወንድ ብልት እንዴት ይቆማል?

በ1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ላስ ቬጋስ ከተማ በተካሄደ የሽንት አካላት ሐኪሞች ጉባኤ ላይ እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ጃይልስ ብሪንድሊ ያልተለመደ ገለጻ አቀረቡ። ወደ አዳራሹ ከመግባታቸው በፊት ጡንቻን የሚያፍታታ መድኃኒት በገዛ ብልታቸው ላይ በመርፌ ወግተው ነበር። በገለጻቸው መካከልም የብልታቸውን መቆም ለታዳሚው በግልጽ አሳዩ። በሐኪሞች ፊት ቆሞ ንግግር ማድረግ የፍትወት ስሜት የሚቀሰቅስ አይደለምና፣ ለውጡን ያመጣው መድኃኒቱ ብቻ እንደ ነበረ አከራካሪ አልሆነም።

ይህ ክስተት አንድ ጥያቄ ያስነሳል። ክንዳችን የሚጠነክረው ጡንቻው ሲኮማተር ነው። ታዲያ ጡንቻን የሚያፍታታ መድኃኒት ብልትን እንዴት ሊያጠነክር ቻለ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምላሹን ከአንጎል እስከ ደም ቧንቧ ደረጃ በደረጃ ማስረዳት ነው።

በቅድሚያ የአካሉን አሠራር እንመልከት። በብልት ውስጥ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም፣ ስፖንጅ መሰል አካላት አሉ። እነዚህም እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍተቶችን የያዙ ሲሆን፣ የክፍተቶቹ ግድግዳ በአብዛኛው የተሠራው ከልሙጥ ጡንቻ ነው። ልሙጥ ጡንቻ እንደ ክንድ ጡንቻ በፈቃዳችን የምናዘው አይደለም። ሁለቱንም አካላት በዙሪያቸው የሚሸፍናቸው ጠንካራና ብዙ የማይለጠጥ ነጭ ሽፋን ነው። በቀኑ አብዛኛው ሰዓት ይህ ልሙጥ ጡንቻም ሆነ ደም የሚያመጡት የደም ቅዳ ቧንቧዎች ግድግዳ ተኮማትረው ይቆያሉ። በመሆኑም ወደ ውስጥ የሚገባው ደም ጥቂት ነው፤ የገባውም በደም መልስ ቧንቧዎች ያለ ችግር ተመልሶ ይወጣል። እንግዲህ ሥራ ላይ ያለው፣ የተወጠረው ጡንቻ የሚገኘው ብልቱ በላላበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ይህን ውጥረት የሚያስለቅቀው ትእዛዝ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው መነሻው አንጎል ነው፤ የታየ፣ የተሰማ ወይም የታሰበ ነገር ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል በኩል አልፎ በህብለ ሰረሰር ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛው መነሻው የአካል ንክኪ ነው፤ ስሜቱ ወደ ህብለ ሰረሰር ታችኛ ክፍል ደርሶ የአንጎልን ትእዛዝ ሳይጠብቅ በነርቭ ይመለሳል። የሁለቱን መንገዶች ልዩነት በግልጽ የሚያሳዩት የህብለ ሰረሰር ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ናቸው። ጉዳቱ ከታችኛው ክፍል በላይ ከሆነ፣ ሐሳብ ብቻውን ለውጥ ባያመጣም ንክኪ ግን ብልቱን ሊያቆመው ይችላል።

በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ትእዛዙ ወደ ብልት የሚደርሰው በዳሌ ውስጥ በሚያልፉ ነርቮች ነው። የነርቮቹ ጫፎች ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ ወደ ልሙጥ ጡንቻ ሕዋሳት ዘልቆ ሲገባ፣ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ንጥረ ነገር እንዲመረት ያደርጋል። ይህ መልእክተኛ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን ይቀንሳል። ጡንቻ ያለ ካልሲየም ተኮማትሮ ሊቆይ አይችልምና ይፈታል። ቧንቧዎቹ ይሰፋሉ፤ ደምም በብዛት ይገባል። የሚገባው ደም የቧንቧዎቹን ውስጠኛ ሽፋን እየታከከ ሲያልፍ ሽፋኑ ራሱ ተጨማሪ ናይትሪክ ኦክሳይድ ስለሚለቅ፣ ነርቭ የጀመረውን ሥራ ደም ቧንቧው ያስቀጥለዋል።

ሆኖም የደም መግባት ብቻውን ጥንካሬ አይሰጥም፤ የገባው መታሰር አለበት። ደም የሚመልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች የሚያልፉት በስፖንጅ መሰሉ አካልና በነጩ ሽፋን መካከል ነው። አካሉ በደም ተሞልቶ ሲያብጥ እነዚህን ቧንቧዎች ከሽፋኑ ጋር አጣብቆ ይደፍናቸዋል። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በአየር ሲነፋ ከውጭኛው ጎማ ጋር እንደሚጣበቀው ማለት ነው። መግቢያው ተከፍቶ መውጫው ሲዘጋ በውስጥ ያለው ግፊት ወደ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ፣ ማለትም ወደ ደም ግፊታችን ላይኛ ቁጥር ይጠጋል። ላስ ቬጋስ ላይ የታየውም ይኸው ነበር፤ መድኃኒቱ የአንጎልንና የነርቭን ደረጃ ዘሎ ጡንቻውን በቀጥታ ስለፈታው ቀሪው በራሱ ተከናወነ።

የሂደቱ ማብቂያም እንዲሁ ኬሚካላዊ ነው። ፒዲኢ-5 የተባለ ኢንዛይም ሳይክሊክ ጂኤምፒን ያፈርሳል፤ በሌላ በኩል ኖርአድሬናሊን የሚለቁ ነርቮች ጡንቻውን መልሰው ያኮማትሩታል። ኖርአድሬናሊን በድንጋጤና በጭንቀት ጊዜ የሚበዛ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ «ባይሳካልኝስ?» ብሎ የሚሰጋ ሰው ፍላጎት ሳያጣ ብልቱ ሊላላ የሚችለው ስጋቱ ራሱ ጡንቻውን ስለሚያኮማትረው ነው።

እስኪ ሁለት ሰዎችን በምሳሌነት እናስብ። አንዱ አዲስ ያገባ የ26 ዓመት ወጣት ነው፤ ችግሩ በድንገት የጀመረው ሲሆን ጠዋት ሲነቃ ግን ብልቱ ቆሞ ያገኘዋል። ሌላው ለዓመታት ከስኳር ሕመም ጋር የኖረ የ52 ዓመት ሰው ነው፤ የእርሱ ችግር ቀስ በቀስ የመጣ ሲሆን የጠዋቱም መቆም ቀርቷል። ጤናማ ወንድ በእንቅልፉ፣ በተለይ ሕልም በሚበዛበት ክፍለ ጊዜ፣ በሌሊት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ያህል ብልቱ ይቆማል። በዚያ ሰዓት ስጋት ስለማይኖር የወጣቱ የጠዋት ምልክት ነርቮቹና ቧንቧዎቹ እንደሚሠሩ ይጠቁማል፤ መንስኤው ከጭንቀት ወገን ሊሆን ይችላል። በጎልማሳው ዘንድ ግን ስኳሩ ነርቮቹንና የቧንቧዎቹን ውስጠኛ ሽፋን፣ ማለትም ሁለቱንም የናይትሪክ ኦክሳይድ ምንጮች፣ ሳይጎዳ አልቀረም። ይህ ፍንጭ እንጂ የመጨረሻ ማረጋገጫ ስላልሆነ ቁርጡ የሚታወቀው በሐኪም ምርመራ ነው።

በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ሲልደናፊል የሚሠራው ፒዲኢ-5ን በመግታት ነው። በዚህም ወሰኑ ይታወቃል፤ የተመረተውን መልእክተኛ ከመፍረስ ያቆያል እንጂ ትእዛዙን አይፈጥርም። ነርቮቻቸው ክፉኛ የተጎዱ ሰዎች ብዙም የማይጠቀሙበት ለዚህ ነው። ለልብ ሕመም ናይትሬት የያዘ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ፈጽሞ ሊወስደው አይገባም። ናይትሬት ናይትሪክ ኦክሳይድን ያበዛል፤ ሲልደናፊል የውጤቱን መፍረስ ይከለክላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የመላው ሰውነት ቧንቧዎች ሰፍተው የደም ግፊት ለሕይወት አስጊ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል።

ጎልማሳው ሰው ሐኪም ዘንድ ሊሄድ የሚገባው ለብልቱ ሲል ብቻ አይደለም። የብልት ደም ቅዳ ቧንቧዎች ስፋት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን የልብ ቧንቧዎች ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው። ሁለቱን የሚያጠብበው በሽታ አንድ በመሆኑ ጉዳቱ አስቀድሞ የሚታወቀው በጠባቡ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም የደረት ሕመም ከመሰማቱ ከዓመታት በፊት። በኀፍረት የሚደበቀው ይህ ምልክት ስለ ልብ የተላከ የመጀመሪያ መልእክት ሊሆን ይችላል።