ቀሪ ሂሳብ ሲዘገይ፦ ሦስት መልእክት፣ አንድ ቁጥር

ከሞያሌ 40 ፍየል ጭነው ናይሮቢ ኪያማይኮ ላለ ገዢ አስረከቡ እንበል። አንዱ በ9,000 ሽልንግ፣ በጠቅላላው 360,000 ነው። 200,000 ወዲያው ገባ፤ ቀሪው 160,000 ሰኞ ይላካል ተባለ። ሰኞ አለፈ።

ብዙዎቻችን «ይሉኝታ» ይዞን ሦስት ሳምንት ዝም እንልና አንድ ቀን ተቆጥተን እንደውላለን። ገዢው ግን ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጥሮት ይሆናል። ፍየል በ8,000 ለሚገዛ ነጋዴ 160,000 ማለት ሳይገዛ የቀረ 20 ፍየል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክት በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ይላካል፦

«ሰላም ወንድሜ፣ ቤተሰብ ደህና? ከ40ው ፍየል የቀረው 160,000 ሽልንግ ትናንት ሰኞ ይገባል ተባብለን ነበር፤ አልደረሰኝም። ልከው ከሆነ የኤም-ፔሳውን መልእክት ያስተላልፉልኝ።»

ይህ ሰውየው ረስቷል ብሎ የሚጀምር ነው፤ ሳያፍር የሚከፍልበትን በር ይተውለታል። መልስ ከሌለ ዓርብ ሁለተኛው ይከተላል፦

«ወንድሜ፣ ስለ 160,000ው ማክሰኞ ጽፌልዎት ነበር። ቀጣዩን ጭነት የምገዛበት ገንዘብ ነው። በየትኛው ቀን እንደሚልኩ ዛሬ ያሳውቁኝ። ካልሞላልዎት ግማሹን ነገ፣ ቀሪውን ሐሙስ ይላኩ።»

እዚህ የሚፈለገው ቀን ነው። «ሐሙስ እልካለሁ» ብሎ ከመለሰ ዕዳውን በጽሑፍ አመነ ማለት ነው። የኬንያ የአነስተኛ ጉዳዮች ፍርድ ቤት በ2016 በወጣው ሕግ እስከ 1 ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርስ ክርክር ያያል፤ እዚያም ሆነ በሽማግሌ ፊት እንዲህ ያለ መልስ ይጠቅማል። አያጥፉት።

ሐሙስም ባዶ ካለፈ፣ ዓርብ ሦስተኛው፦

«አቶ እገሌ፣ 160,000 ሽልንግ ከቀጠሮው 11 ቀን አልፎታል። እስከ ሰኞ ማታ 12 ሰዓት ካልገባ ከእንግዲህ በዱቤ አልጭንም፤ ጉዳዩንም ያገናኘን ደላላ ባለበት እንነጋገራለን።»

ሰላምታውና «ወንድሜ» ቀርተዋል፤ «እርስዎ» ግን አልቀረም። የሚጠነክረው ቃሉ ሳይሆን የሚከተለው እርምጃ ነው። የማያደርጉትን አይጻፉ፤ ሰኞ ማታ አልፎ ማክሰኞ በዱቤ ከጫኑ ቀጣዩን ማስታወሻ የሚያምን የለም። ስሙን በነጋዴዎች ግሩፕ ላይ መለጠፍም ገንዘቡን አያመጣም፤ የሚያስታርቀውን ሰው ያሳጣል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቀን ሲጽፉ የሳምንቱን ቀን ይጨምሩ። እኛ «ጥቅምት 10» ስንል ገዢው ኦክቶበር 10 ብሎ ከያዘው፣ በሁለቱ መካከል በአብዛኛው ዓመት 10 ቀን አለ። ዘገየ ያሉት ሰው ቀኑን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ሲገባም «160,000 ደርሶኛል፣ ቀሪ የለም» ብለው ይጻፉለት፤ የሚቀጥለው ጭነት በሰላም የሚጀምረው ከዚያ ነው።