ለጡረታ ስንት ይጠራቀማል? መልሱ አንድ ቁጥር አይደለም

አሜሪካ ውስጥ የጡረታ ቁጠባችንን የሚይዘው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ስንገባ ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ ቁጥር ይጠብቀናል፤ «በ67 ዓመትዎ 400,760 ዶላር ይኖርዎታል» የሚል ዓይነት። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ምን ያህልስ ይታመናል?

ቨርጂኒያ ውስጥ ሆቴል የምትሠራ የ47 ዓመት ሴት በምሳሌነት እንውሰድ። በፎር ኦ ዋን ኬ ሂሳቧ 40,000 ዶላር አላት። በየወሩ ከደመወዟ 400 ዶላር ይቆረጣል፤ አሠሪዋ ደግሞ 100 ይጨምርላታል። በዓመት 6,000 ዶላር ገቢ ይሆናል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እና ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ሙሉ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ክፍያ የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ስለሆነ፣ እስከዚያ 20 ዓመት ይቀራታል።

ድረ ገጹ ገንዘቧ በየዓመቱ 7 በመቶ ያተርፋል ብሎ አስቦ ነው 400,760 ላይ የደረሰው። ሂሳቡ ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን ዶላሩ የዛሬ ዶላር አይደለም። ዋጋ በዓመት 3 በመቶ ቢንር፣ ያ ገንዘብ ያን ጊዜ የሚገዛው ዛሬ 222,000 ዶላር ገደማ የሚገዛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የዋጋ ንረቱን ቀንሶ፣ በ7 ፈንታ በ4 በመቶ ማስላት ይሻላል። ያን ጊዜ የሚወጣው ውጤት በዛሬ ዶላር ይነበባል። ግን አንድ ግዴታ አለው፦ መዋጮው ከዋጋው እኩል ማደግ አለበት፤ ዘንድሮ 500 ከሆነ በመጪው ዓመት 515።

ስሌቱ ቀላል ነው። 40,000 ዶላሩ በ4 በመቶ ሲያድግ 41,600 ይሆናል፤ የዓመቱ 6,000 ሲጨመርበት 47,600። በሁለተኛው ዓመት ይኸው እንደገና ሲሠራ 55,504 ይደርሳል። ይህን 20 ጊዜ ከመደጋገም በኤክሴል እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦

```
=FV(4%,20,-6000,-40000)
```

ውጤቱ 266,313 ነው። ችግሩ 4 በመቶው ግምት መሆኑ ላይ ነው። ቁጥሩን በ2 ብንተካው 205,222፣ በ6 ብንተካው 348,999 ይወጣል። የሴትየዋ ትክክለኛ መልስ እንግዲህ «ከ205,000 እስከ 349,000፣ መካከሉ 266,000» የሚለው ነው። ከዚህ ክልል ውጭ መውጣትም ይቻላል።

ለምን ቢባል፣ ገበያ በየዓመቱ እኩል አያተርፍም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን 37 በመቶ ወርዷል። ሴትየዋ ገንዘቧን በሙሉ አክሲዮን ላይ አድርጋ እንዲህ ያለ አንድ ዓመት ቢገጥማት፣ ሌሎቹ 19 ዓመታት ደግሞ 4 በመቶ ቢያተርፉ ምን ይሆናል? ውድቀቱ በመጀመሪያው ዓመት ከመጣ የሚነካው ያላትን 40,000 ብቻ ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ ወደ 231,800 ይኖራታል። በመጨረሻው ዓመት ከመጣ ግን ተጠራቅሞ የቆየውን 250,000 ይመታና 163,700 ገደማ ብቻ ይቀራታል። የዓመታቱ ትርፍና ኪሳራ ያው ነው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ጡረታ ሲቃረብ ከአክሲዮኑ ከፊሉን ወደ ቦንድ ማዛወር የተለመደው ለዚህ ነው። እርግጥ የሚጠበቀው ትርፍም አብሮ ይቀንሳልና፣ ስሌቱ ላይ ያለው መቶኛም መውረድ አለበት።

ጠቅላላው ድምር ወደ ወር ገቢ ሲለወጥ ነው ትርጉሙ የሚገባን። አሜሪካዊው የፋይናንስ አማካሪ ዊልያም ቤንገን እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካን የገበያ ታሪክ መርምሮ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከቁጠባው 4 በመቶ ወስዶ በየዓመቱ ለዋጋ ንረት ያህል ብቻ የሚጨምር ሰው ገንዘቡ 30 ዓመት እንደሚያቆየው አሳይቷል። በዚህ መለኪያ ሴትየዋ በወር ከ684 እስከ 1,163 ዶላር ታገኛለች፤ በመካከለኛው ግምት 888 ገደማ። በተለመደው ፎር ኦ ዋን ኬ ከዚህ ላይ ግብር ይቀነሳል፤ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ግን ለብቻው ይጨመራል።

ክልሉን ማወቅ የሚጠቅመው ለውሳኔ ነው። ከሶሻል ሴኪዩሪቲው ሌላ 888 ዶላሩ የግድ የሚያስፈልጋት ከሆነ፣ በዝቅተኛው ግምት ማለትም በ2 በመቶ ማቀድ ይኖርባታል። በዚህ ግምት 266,000 ላይ ለመድረስ የወር መዋጮዋ ከ500 ወደ 710 ማደግ አለበት። 210 ዶላሩን ማግኘት ካልቻለች የጡረታ ዓመቷን ማራዘም ወይም በአነስተኛ ገቢ ለመኖር ማሰብ ይቀራታል። በየዓመቱ በሂሳቧ ያለውን እውነተኛ ገንዘብና የቀሩትን ዓመታት እያስገባች ስታሰላ ደግሞ ክልሉ እየጠበበ ይሄዳል፤ መዋጮዋንም ጊዜው ሳያልፍ ማስተካከል ትችላለች።